በአቅራቢያ ወኪል የሌለው ላፕቶፕ፦ ከመክፈል በፊት ዋስትናውን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

በላፕቶፕ ካርቶን ላይ «ዓለም አቀፍ ዋስትና» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ገዥ የሚረዳው «ቢበላሽ ይጠገንልኛል» ብሎ ነው። የጽሑፉ ትርጉም ግን ከዚያ ያነሰ ነው። አምራቹ ራሱ በመረጠው ቦታ፣ ራሱ ባስቀመጠው ሁኔታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ኃላፊነት ይወስዳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለበትም። የአምራቹ ወኪል በከተማው ላለ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም፤ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ያስረክባል፣ ሲጠገን ይወስዳል። ወኪል በሌለበት ግን ጉዳዩ የሚወሰነው በዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይገኝም።

ደግነቱ ትልልቆቹ የላፕቶፕ አምራቾች የእያንዳንዱን ማሽን የዋስትና መዝገብ በሴሪያል ቁጥር ፈልጎ ማየት እንዲቻል ክፍት አድርገውታል። ይህ መመሪያ ላፕቶፕን የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከታች ያሉት ሥራዎች አብዛኞቹ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ የሚሠሩ ናቸው፤ ከተከፈለ በኋላ ቢሠሩ ግን ጥቅማቸው ማዘን ብቻ ነው።

1. ዋስትና የሰጠው ማን እንደሆነ ይለዩ

«ዋስትና አለው» የሚለው ቃል ከሻጭ አፍ ሲወጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው የአምራቹ ዋስትና ነው፤ ይህ ከማሽኑ ሴሪያል ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ሻጩ ወይም አስመጪው በራሱ ስም የሚሰጠው ዋስትና ሲሆን፣ አምራቹ ስለዚህኛው ምንም አያውቅም። ሻጮች ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው የሚናገሩት፤ አንዳንዴ ሆን ብለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን እነርሱም ስላልለዩት ነው።

ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ከ4 ወር በኋላ ማሽኑ አልነሣም ቢል፣ ዕቃውን በእጄ የማስረክበው ለማን ነው?» ሻጩ «ለእኔ» ካለ ዋስትናው የእርሱ ነው። «ለኩባንያው» ካለ ደግሞ የኩባንያው የአገልግሎት ማዕከል የት እንዳለ ይጠይቁት። መልሱ የሌላ አገር ስም ከሆነ፣ የቀረው የዚህ መመሪያ ክፍል ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

የሻጭን ዋስትና መናቅ አይገባም። ወኪል በሌለበት ቦታ፣ በጽሑፍ የተሰጠ የሻጭ የ6 ወር ዋስትና በሌላ አገር ካለ የአምራች የ3 ዓመት ዋስትና ሊበልጥ ይችላል። «በጽሑፍ» የሚለው ላይ ግን ድርድር የለም። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ እንዲሁም መጠገን ካልተቻለ የሚለወጥ ወይም ገንዘብ የሚመለስ ስለመሆኑ መስፈር አለበት። ሴሪያል ቁጥር የሌለው ደረሰኝ የሚያረጋግጠው አንድ ላፕቶፕ መሸጡን ብቻ ነው፤ ይህኛው ላፕቶፕ መሸጡን አያረጋግጥም።

2. ሴሪያል ቁጥሩን ከሦስት ቦታ ያንብቡ

ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ አለ፣ ማሽኑ ሆድ ላይ በተለጠፈው ወይም በተቀረጸው ጽሑፍ አለ፣ በማሽኑ ውስጥም ተመዝግቦ አለ። ሦስቱ አንድ መሆን አለባቸው። ካርቶንና ማሽን ሲለያዩ ምክንያቱ የመጋዘን ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ሆድ ላይ ያለውና ውስጡ ያለው ሲለያዩ ግን ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ተለውጧል ወይም የታችኛው ክዳን ከሌላ ማሽን የመጣ ነው።

ዊንዶውስ የጫነ ማሽን ከሆነ ፓወርሼልን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
Get-CimInstance Win32_BIOS | Select-Object SerialNumber
```

ሊኑክስ ከሆነ፦

```
sudo dmidecode -s system-serial-number
```

ከቁጥር ይልቅ `To be filled by O.E.M.` ወይም `Default string` የሚል መልስ ከመጣ ይጠንቀቁ። የታወቀ አምራች ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ባዶ ሆኖ መገኘቱ ማዘርቦርዱ ከአምራቹ የጥገና ሥርዓት ውጭ መለወጡን የሚጠቁም ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ የአምራች ዋስትና መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ዕቃው ሩቅ ከሆነና በፎቶ ብቻ የሚያዩት ከሆነ ሻጩ ቁጥሩን ለመስጠት ሊያመነታ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የአጭበርባሪ ምልክት አይደለም፤ ቁጥሩን ያገኘ ሌላ ሰው ማሽኑን በራሱ ስም ሊያስመዘግብ ይችላልና ፍርሃቱ መሠረት አለው። በዚህ ጊዜ ሻጩ ራሱ ቁጥሩን በአምራቹ ገጽ ላይ ሲያስገባና ውጤቱ ሲወጣ በተከታታይ በቪዲዮ እንዲቀርጽ ይጠይቁ፤ ከቁጥሩ ጥቂት አኃዞችን በጣቱ ቢሸፍን አይከፋም። ይህንንም እምቢ ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው።

3. የዋስትና መዝገቡን መስመር በመስመር ያንብቡ

ወደ አምራቹ ድረ ገጽ የሚገቡት አድራሻውን ራስዎ ጽፈው ይሁን እንጂ ሻጩ በላከው ማስፈንጠሪያ አይሁን። ዴል `Service Tag` የሚለውንና 7 ፊደልና ቁጥር ያለውን መለያ ይጠይቃል። ሌኖቮና ኤችፒ ሴሪያል ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ኤችፒ አንዳንዴ የምርት ቁጥሩንም ይጨምራል። አፕል `checkcoverage.apple.com` የሚል የራሱ ገጽ አለው።

ብዙ ሰው ገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወይም «ዋስትናው አልተቃጠለም» የሚል ቃል ሲያይ ይዘጋዋል። ዋናው መረጃ ግን ከዚያ በታች ነው።

መጀመሪያ የተጀመረበትን ቀን ይመልከቱ። የዋስትና ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው እርስዎ ካርቶኑን የከፈቱ ዕለት አይደለም፤ በአብዛኛው ማሽኑ ከአምራቹ የወጣበት ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠበት ቀን ነው። በአንድ አገር ተሸጦ፣ በአስመጪ እጅ አልፎ፣ መጋዘን ተቀምጦ እርስዎ ዘንድ የደረሰ ማሽን ማሸጊያው ሳይነካ ወራት ሊቃጠሉበት ይችላሉ። አምራቾች የግዢ ደረሰኝ ሲቀርብላቸው ይህን ቀን ማስተካከል የተለመደ አሠራራቸው ነው፤ ሆኖም ደረሰኙ የተፈቀደለት ሻጭ ያወጣውና ሴሪያል ቁጥሩ ያለበት ቢሆን ይመርጣሉ። በጎን ያስመጣ ነጋዴ ደረሰኝ ውድቅ ቢደረግ መገረም አያስፈልግም።

ኤችፒ ላይ ቁጥሩ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በተለመደው ባለ 10 አኃዝ አጻጻፍ 4ኛው አኃዝ የተመረተበትን ዓመት የመጨረሻ ቁጥር፣ 5ኛውና 6ኛው ደግሞ ሳምንቱን ያሳያሉ። `5CD508` ብሎ የሚጀምር ማሽን በ5 በሚያልቅ ዓመት በ8ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ 2015 ይሁን 2025 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ አይነግርዎትም፤ የማሽኑ ሞዴል ግን ይነግርዎታል።

ቀጥሎ አገሩን ይመልከቱ። ወኪል ለሌለው ገዥ ከሁሉም የሚከብደው መስመር ይህ ነው። ዴል ማሽኑ የተመዘገበበትን አገር ይይዛል፤ ማሽኑ እጅና አገር ሲለውጥ የባለቤትነት ዝውውር እንዲጠየቅ ይፈልጋል። ኤችፒ በምርት ቁጥሩ መጨረሻ ከ`#` ቀጥሎ የተዘጋጀበትን ገበያ ይጽፋል፤ `#ABA` ለአሜሪካ፣ `#ABU` ለብሪታንያ ማለት ነው። ሌኖቮ ዓለም አቀፍ የዋስትና አገልግሎት የሚባል አሠራር አለው፤ ሁሉም ሞዴል ግን አይገባበትም፣ የሚገባውም ቢሆን አምራቹ ያንኑ ዓይነት ማሽን በሚሸጥበትና በሚጠግንበት አገር ብቻ ነው የሚስተናገደው። «ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ዋስትናው ድንበር ሊሻገር ይችላል፤ የጥገና ማዕከል ወደሌለበት ቢሻገር ግን የሚቀበለው የለም።

ሦስተኛው የአገልግሎቱ ዓይነት ነው። `Onsite` ከተባለ ባለሙያ ወደ ገዥው ይመጣል፤ ይህ የተመዘገበበት አገር ውስጥ የሚሠራ እንጂ ከዚያ ውጭ የሚከተልዎት ነገር አይደለም፤ ሌላ አገር ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ወዳለው ዝቅተኛ አገልግሎት ይወርዳል። `Carry-in` ከተባለ እርስዎ ያደርሳሉ፣ እርስዎ ይወስዳሉ። `Depot` ከተባለ በማጓጓዣ ይላካል፤ የማጓጓዣውን ሂሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ባትሪውንም አይርሱት። ማሽኑ የ3 ዓመት ዋስትና ቢኖረውም የባትሪው ዋስትና ብዙውን ጊዜ 1 ዓመት ብቻ ነው።

4. ከመግዛትዎ በፊት ለአምራቹ ይጻፉ

መዝገቡ አምራቹ ምን ቃል እንደገባ ያሳያል፤ ቃሉን እርስዎ ባሉበት ይፈጽመው እንደሆነ ግን አያሳይም። ስለዚህ ገና ሳይገዙ፣ ችግር ያጋጠመው ባለቤት የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ነገር ስለሚተን በጽሑፍ ይሁን። መልእክቱ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦

«ሴሪያል ቁጥሩ ይህ የሆነ ላፕቶፕ ለመግዛት አስቤያለሁ። የምኖረው እዚህ አገር ነው። ማዘርቦርዱ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ቢበላሽ፣ በስምና በአድራሻ የትኛው የአገልግሎት ማዕከል ይቀበለኛል? በሌላ አገር የተገዛ ማሽን ነው ብሎ ሊመልሰኝ ይችላል? የመላኪያና የመመለሻ ማጓጓዣ የማን ነው? ምን ዓይነት የግዢ ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

ጥያቄዎቹ ሆን ተብለው ጠባብ ናቸው። «ዋስትናው እዚህ ይሠራል?» ተብሎ ቢጠየቅ «አዎ፣ በአቅራቢያዎ ያለውን ማዕከል ያነጋግሩ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህም ምንም አይደለም። የማዕከል ስም የያዘ መልስና የጉዳዩ መከታተያ ቁጥር ከመጣልዎ ጥሩ ነው፤ ገጹን ያስቀምጡት። ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ሁለት ጊዜ ወደ አጠቃላይ ገጽ የሚመሩዎት ከሆነ መልሱን አግኝተዋል፤ ማሽኑ በእጅዎ ተበላሽቶ ቢጽፉም ከዚህ የተሻለ ነገር አይነግሩዎትም።

የማዕከል ስም ከተሰጠዎት ቀጥታ ወደዚያ ይደውሉ። በአምራቾች ዝርዝር ላይ ያሉ ማዕከላት ሁሉ ሁሉንም ነገር አይሠሩም፤ አንዳንዱ ፕሪንተር ብቻ ይጠግናል፣ አንዳንዱ ውል ያላቸውን ድርጅቶች ብቻ ያስተናግዳል፣ አንዳንዱ ሥራውን ትቶ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ቀርቷል። ሞዴሉን ነግረው «ማዘርቦርድ ለማስመጣት ምን ያህል ጊዜ ይወስድባችኋል?» ብለው ይጠይቁ። በእውነት የሚሠራ ሰው ቢያንስ ግምት ይሰጥዎታል፤ የማይሠራ «ይዘኸው ና፣ እናየዋለን» ይላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የአምራችን ስልክ ቁጥር በፍለጋ ሞተር ላይ ከሚወጣ ማስታወቂያ አይውሰዱ። የድጋፍ ማዕከል መስለው የሚጠብቁ አጭበርባሪዎች አሉ። ለዋስትና ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር ወይም ኮምፒውተርዎን ከሩቅ መቆጣጠር የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ስልኩን ይዝጉ።

5. የመላኪያው መንገድ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ

«ወደ ሌላ አገር ልከህ ታስጠግናለህ» ማለት ቀላል ነው። እንቅፋቱ ባትሪው ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን ከልክሏል። በላፕቶፕ ውስጥ የተገጠመ ባትሪ ከዚህ ክልከላ ውጭ ቢሆንም የማሸግና ምልክት የመለጠፍ ደንብ አለው፤ ብዙ የማጓጓዣ ድርጅቶችም ከግለሰብ አይቀበሉትም። ከዚህ የባሰው፣ የተበላሸ ወይም ያበጠ የሊቲየም ባትሪ በአየር ጭነት መላክ ጨርሶ የተከለከለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ከፍ ያደረገው ላፕቶፕ፣ ዋስትናው ጸንቶ እያለም በአውሮፕላን መሄድ አይችልም።

ስለዚህ ወደ ማጓጓዣ ድርጅት ደውለው «ላፕቶፕ፣ ባትሪው የተገጠመለት፣ ለጥገና የሚላክ» ብለው ይጠይቁ። እግረ መንገድዎን የአገልግሎት ማዕከሉ ባትሪ የወጣለት ማሽን ይቀበል እንደሆነ ይወቁ። ባትሪው በጉዳዩ የሌለበት ብልሽት ከሆነ ይህ መንገዱን ያቀለዋል።

ሁለተኛው እንቅፋት ጉምሩክ ነው። ተጠግኖ የሚመለስ ማሽን ሲገባ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። በብዙ አገሮች ለጥገና በጊዜያዊነት የሚወጣ ዕቃ የተለየ ሥርዓት አለው፤ ይሁን እንጂ መመዝገብ ያለበት ሲወጣ ነው፣ ሴሪያል ቁጥሩም በሰነዱ ላይ መስፈር አለበት። ሳይመዘገብ ወጥቶ፣ ያውም አምራቹ በሌላ ማሽን ለውጦት ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ሲመለስ፣ ያንኑ ዕቃ መሆኑን ማስረዳት ያስቸግራል።

6. ዋስትና የለም ብለው ያስቡና ማሽኑን እንደገና ይመልከቱት

እስካሁን የተገኘው መልስ «አይሠራም» ከሆነ ማሽኑ የግድ መጥፎ ግዢ አይሆንም። ጥያቄው ግን ይለወጣል፤ ሳይጠገን የሚቀር ነው ወይስ በአካባቢዎ ባለሙያ የሚጠገን? ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። የሞዴሉን መመሪያ አውርደው ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ራሙ የሚነቀል ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ? ኪቦርዱ ለብቻው ይወጣል ወይስ ከላይኛው ክዳን ጋር የተጣበቀ ነው? ባትሪው በብሎን ነው ወይስ በማጣበቂያ የታሰረው? አንድ ቁልፍ የማይሠራበት ኪቦርድ ሙሉውን የላይኛውን ክዳን የሚያስለውጥ ከሆነ ርካሽ የነበረው ጥገና ውድ ይሆናል።

ቻርጀሩም መታየት አለበት። በተለመደው ዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ማሽን ቻርጀሩ ቢጠፋ ምትክ ቀላል ነው። አንዳንድ የዴል ሞዴሎች ግን ቻርጀሩን በመሐል ባለች ቀጭን ሽቦ ለይተው ያውቁታል፤ ያላወቁትን ሲሰኩባቸው ማሽኑ ይሠራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ያላወቀ ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ ይለውጠዋል።

ከዚያ የሚያምኑትን የጥገና ባለሙያ ያነጋግሩ። «ይህን ብራንድ ትሠራለህ?» ሳይሆን «የዚህን ሞዴል ስክሪን ከየት ነው የምታመጣው?» ብለው ይጠይቁ። ስለ ስክሪኑ የጀርባ መለያ ቁጥርና ስለ ማገናኛው የፒን ብዛት የሚጠይቅዎት ባለሙያ ሥራውን ያውቃል።

7. ሂሳቡን ይሥሩ፦ አንድ ምሳሌ

ሁለት ሻጮች አንድ ዓይነት ላፕቶፕ አቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው በ100 ይሸጣል፣ «የአምራች የ3 ዓመት ዋስትና አለው» ይላል። ሁለተኛው በ108 ይሸጣል፣ የራሱን የ6 ወር ዋስትና በጽሑፍ ይሰጣል። ቁጥሮቹ የገንዘብ መጠን ሳይሆኑ ንጽጽሩን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው።

የመጀመሪያው ማሽን ቁጥር በአምራቹ ገጽ ላይ ሲገባ የተጀመረበት ቀን ግንቦት 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ የሚያበቃበት ግንቦት 11 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ሆኖ ይወጣል። እየገዛን ያለነው በዚያው በ2025 ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። 3 ዓመት የተባለው 1 ዓመት ሆነ፤ ከእርሱም ግማሹ አልፏል። አገሩ ሌላ ነው፣ አገልግሎቱ `Carry-in` ነው። አምራቹ ሲጠየቅ በጎረቤት አገር ዋና ከተማ ያለ ማዕከል ይቀበላል፣ ማጓጓዣ ግን የደንበኛው ነው አለ። ማጓጓዣው በሁለቱም በኩል 9 ያወጣል፤ ከጉምሩክ ጋር ደርሶ እስኪመለስ 5 ሳምንት ይፈጃል ብለን እንያዝ።

አሁን ይህ ዋስትና ምን ዓይነት ብልሽት ሲመጣ ይጠቅማል? ኪቦርድ እዚሁ በ6 የሚለወጥ ከሆነ 9 ከፍሎ 5 ሳምንት የሚጠብቅ ሰው የለም። ባትሪው በ8 የሚለወጥ ነው፤ ካበጠ ደግሞ በአውሮፕላን አይሄድም። ስክሪን በ18 ይለወጣል፤ ነገር ግን የስክሪን ጉዳት አብዛኛው ስብራት ነው፣ ስብራት ደግሞ በዋስትና አይሸፈንም። የሚቀረው ማዘርቦርድ ነው፤ ዋጋው 40 ቢሆን ለእርሱ መላክ ያዋጣል። ባጭሩ የመጀመሪያው ሻጭ «3 ዓመት» ያለው ነገር ለቀሩት 6 ወራት የማዘርቦርድ መድን ነው።

ሁለተኛው ሻጭ በ8 ጭማሪ ለተመሳሳይ 6 ወር ኪቦርዱንም፣ ባትሪውንም፣ ማዘርቦርዱንም ያለ ማጓጓዣ ይሸፍናል፤ ይህን ደረሰኙ ላይ ከጻፈና ሱቁ በ6 ወር ውስጥ የሚጠፋ ካልመሰለ። የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ሱቁ ትናንት የተከፈተ ቢሆን ወይም ደረሰኙ ላይ «ማንኛውም ብልሽት እንደ ሁኔታው ይታያል» የሚል ቢጽፍ ግን የመጀመሪያውን እይዝና ዋጋው እንዲቀንስ እጠይቅ ነበር። የገጹን ውጤት ለሻጩ ማሳየት ለድርድር ይረዳል፤ ስለ 3 ዓመቱ የተናገረውን ወዲያው መተው ይኖርበታልና።

8. ከገዙ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት

የሻጩ የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ማሽኑን በደንብ ያሠሩት። ፋብሪካ ያመጣው እንከን ብዙውን ጊዜ ቶሎ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ለበዓል እንደተገዛ ልብስ ካርቶን ውስጥ አያቆዩት። «አዲስ ነው» የተባለው እውነት መሆኑን ደግሞ ባትሪው ይመሰክራል። በዊንዶውስ ላይ ይህን ሲያዝዙ የባትሪ ሪፖርት ፋይል ይወጣል፦

```
powercfg /batteryreport
```

ባትሪው ሲሠራ የታሰበለትን አቅም የሚያሳየውን `DESIGN CAPACITY` እና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን የሚያሳየውን `FULL CHARGE CAPACITY` ያነጻጽሩ፤ ባትሪው ስንት የመሙላት ዙር እንዳለፈ የሚያሳየውን `CYCLE COUNT` የሚለውንም ይመልከቱ፤ አንዳንድ ማሽን ይህን የመጨረሻውን ላያሳይ ይችላል። አዲስ በተባለ ማሽን ላይ በአሥሮች የሚቆጠሩ ዙሮች ከታዩ ሰው ሲጠቀምበት ቆይቷል።

ስልክ ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር፦ ይህ ሁሉ ለስልክ እንዳለ አይሠራም። የስልክ ዋስትና ከላፕቶፕ ይበልጥ በአገር የተገደበ ነው፤ ለምሳሌ አፕል የአይፎን የዋስትና አገልግሎትን መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ብቻ ሊገድብ እንደሚችል በዋስትናው ሰነድ ላይ ጽፏል፣ ለማክ ላፕቶፖቹ ግን በዚህ ረገድ ለቀቅ ያለ ነው።

በመጨረሻ የባለቤትነት ዝውውሩን ወይም የቀን ማስተካከያውን ጥያቄ ለአምራቹ በዚያው ሳምንት ይላኩ። አምራቹ የመጀመሪያውን ገዥ መረጃ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ይህንን ከሻጩ ማግኘት የሚቻለው ስልክዎን እያነሣ ባለበት ጊዜ ነው።